ጠፍጣፋ ሎጎን በኤአይ ማሠራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምንጠቀመው ምሳሌ አንድ ነው፦ ቡና ቆልቶ በከረጢት የሚሸጥ ድርጅት፣ ጀበናን ምልክቱ ማድረግ የፈለገ።

ጠፍጣፋ ሎጎ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጥላ፣ የብርሃን ነጸብራቅና ጥልቀት የሌለው፣ ቀለሙም ከደማቅ ወደ ፈዛዛ እየሟሟ የማይሄድ ምልክት ማለታችን ነው። ያለው ቅርጽና ሙሉ ቀለም ብቻ ነው። አንድ ነጥብ ወይ ቡናማ ነው ወይ ነጭ፤ በመካከል የሚቀር የለም።

ጉዳዩ የመልክ ምርጫ ብቻ አይደለም። የቡና ድርጅቱ ምልክቱን በወረቀት ከረጢት ላይ በአንድ ቀለም ያሳትመዋል፣ በክብ ማኅተም ያስቀርጸዋል፣ በሠራተኞች ሸሚዝ ላይ በክር ያስጠልፈዋል፣ ስልክ ላይ ደግሞ ከጥፍር በማትበልጥ ክብ ውስጥ ያሳየዋል። ማኅተም ግማሽ ጥላ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ቀለሙ ወረቀቱን ወይ ይነካዋል ወይ አይነካውም። ስለዚህ ኤአይ የሚያወጣልንን ምስል ሁሉ የምንመዝነው «ማኅተም ቢሆን ይወጣል?» በሚል ጥያቄ ነው።

ለኤአዩ የምሰጠውን የጽሑፍ ትእዛዝ፣ ማለትም ፕሮምፕቱን፣ በአማርኛ ብጽፈው አይሠራም?

እንደ መሣሪያው ይለያያል። በውይይት መልክ የሚሠሩት አማርኛውን ተረድተው ለምስሉ የሚሆነውን መግለጫ ራሳቸው ያዘጋጃሉ። ችግሩ በመሃል ምን ብለው እንደገለጹት ብዙ ጊዜ አለማየትዎ ነው። «እጀታው ከአንገቱ ይነሳ» ያሉት ከሆዱ ተነስቶ ቢመጣ፣ ስህተቱ በአተረጓጎሙ ይሁን በአሣሣሉ መለየት አይቻልም። እንደ ስቴብል ዲፊዩዥን ያሉት ደግሞ የተማሩት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ መግለጫ በተጻፈላቸው ምስሎች ነውና በአማርኛ ፊደል የተጻፈ ትእዛዝ ብዙም አይገባቸውም።

የሚሻለው በአማርኛ አስቦ በአጫጭር የእንግሊዝኛ ሐረጎች መጻፍ ነው። የተራቀቀ እንግሊዝኛ አያስፈልግም፤ የቅርጽ፣ የአቅጣጫና የቁጥር ቃላት ካወቁ ይበቃል።

ጭንቅላቴ ውስጥ ያለውን ሐሳብ ወደ ፕሮምፕት የምቀይረው እንዴት ነው?

መጀመሪያ በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ይሳሉት፣ መጥፎ ሥዕል ቢሆንም ግድ የለም። ከዚያ ሥዕሉን አይቶ ለማያውቅ ሰው በስልክ እየነገሩ እንደሚያስሉት አድርገው ይግለጹት። «ባህላችንን የሚያንጸባርቅ፣ ዘመናዊና ሞቅ ያለ ሎጎ» ብትሉት በስልክ የሚያዳምጠው ሰው እስክሪብቶውን እንደያዘ ይቀራል። «ክብ ሆድ፣ በላዩ ቀጥ ያለ ቀጭን አንገት፣ በቀኝ በኩል አንድ እጀታ» ብትሉት ግን መሣል ይጀምራል። ኤአዩም በመጀመሪያው ዓይነት መግለጫ አንድ ነገር ያወጣል፤ የሚያወጣው ግን የእርስዎን ሐሳብ ሳይሆን እነዚያ ቃላት በብዛት የተለጠፉባቸውን ምስሎች አማካይ ነው።

በምሳሌያችን ሐሳቡ ጀበና ሆኖ ከአፉ ሦስት የእንፋሎት መስመሮች ይወጣሉ፤ አቦል፣ ቶናና በረካ ናቸው። የመጀመሪያው ረጅም፣ ቀጣዩ አጠር ያለ፣ ሦስተኛው አጭር። በቅርጽ ቋንቋ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

```
Flat silhouette of a clay coffee pot, side view, centered.
Round ball-shaped body, tall thin straight neck,
one loop handle on the right from neck to body,
one short spout on the left.
Three vertical bars above the neck: long, medium, short.
Solid dark brown shape on plain white background.
Sharp edges, two colors only, wide empty margin.
```

ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉ። መጀመሪያ የነገሩ ዓይነትና የሚታይበት አቅጣጫ፣ ቀጥሎ ክፍሎቹ አንድ በአንድ ከነቦታቸው፣ ከዚያ ቁጥር፣ በመጨረሻም ቀለምና ዳራ ይመጣሉ። ለአቅጣጫ የሚሆን ቃል ካልጻፉ ጀበናው ወደ እርስዎ ዞሮ፣ አፉ እንደ ሞላላ ቀለበት እየታየ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ጠፍጣፋነቱ አበቃ። «ሎጎ» የሚለውን ቃል እዚህ ውስጥ ሆን ብለን አልጻፍነውም። ኤአይ የተማረባቸው የሎጎ ምስሎች አብዛኞቹ ከሥራቸው ስም ስላላቸው ቃሉን ሲያይ የማይነበብ ጽሑፍ መለጠፍ ይወዳል። አንዳንዴም ሎጎውን በቢዝነስ ካርድ ወይም በግድግዳ ላይ አትሞ፣ ፎቶ አስመስሎ ያመጣዋል።

ጀበና ብዬ ስጽፍ ለምን የዓረብ ቡና ማፍያ ወይም የሻይ ማንቆርቆሪያ ይመጣል?

ኤአይ የሚያውቀው በብዛት ያየውን ነው። በኢንተርኔት ላይ ካሉ የቡና ማፍያ ሥዕሎች ውስጥ የባሕረ ሰላጤው ደላ፣ ያ ምንቃሩ ረጅምና ቆልማማ የሆነው የናስ ዕቃ፣ እና የአውሮፓ የሸክላ ማንቆርቆሪያ ከጀበና በእጅጉ ይበዛሉ። ጀበና የሚለውን ቃል ቢያውቀው እንኳ የሚያውቀው ከፎቶ ነው፦ ከሰል ላይ የተጣደ፣ ረከቦት አጠገብ ያለ፣ ጭስ የከበበው። ቃሉን ሲጽፉለት ይህ ሁሉ አብሮ ይጎተታል።

መፍትሔው ስሙን ትቶ አካሉን መግለጽ ነው፤ ከላይ ባለው ፕሮምፕት ውስጥ ጀበና የሚል ቃል የሌለው ለዚህ ነው። እንዲያም ሆኖ የሚመጣውን በሦስት ቦታ ይመርምሩት። አንገቱ ከታች እየሰፋ ከሆዱ ጋር ከተዋሐደ የአበባ ማስቀመጫ ሆኗል። መቅጃው ከሆዱ ተነስቶ እንደ ዝሆን ኩምቢ ከታጠፈ የሻይ ማንቆርቆሪያ ነው። እጀታው የላይኛውን ጫፍ ትቶ ሆዱ ላይ ብቻ ከተለጠፈ ኩባያ እየሆነ ነው። የትኛው እንደተበላሸ ሲያውቁ የሚጨምሩት ቃል ይታወቃል፦ ለአንገቱ «narrow, same width from top to bottom»፣ ለመቅጃው «spout on the upper neck»። ሁሉን በአንድ ጊዜ አይለውጡ፤ አንድ ሐረግ ቀይረው አራት ምስል ይዩ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ይሂዱ።

መሣሪያው ምስል እንደ መነሻ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ በወረቀት የሣሉትን በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሥተው ያስገቡት። ለጀበና፣ ለመሶብ፣ ለክራርና ለመሳሰሉት በኢንተርኔት ብዙ ላልተሣሉ ነገሮች ከማንኛውም ቃል በላይ የሚያግዘው ይህ ነው።

«ጥላ አትጨምር» ብዬው ለምን ይጨምራል?

ምስል አመንጪዎቹ ቃልን ከምስል ጋር ማገናኘት የተማሩት ከመግለጫ ጽሑፍ ነው፤ ሰው ደግሞ ለምስል መግለጫ ሲጽፍ ያለውን እንጂ የሌለውን አይጽፍም። «ጥላ የሌለው ጀበና» ተብሎ የተለጠፈ ፎቶ አያገኙም። ስለዚህ ጥላ የሚለውን ቃል ሲያይ ከአጠገቡ ያለችው «የሌለው» የምትለዋ ደካማ ሆና «ጥላ» ትገንንበታለች። አዳዲሶቹ በዚህ ተሻሽለዋል፣ ግን አሁንም የማይፈልጉትን ከመከልከል የሚፈልጉትን መናገር ይበልጥ ያዋጣል፦ «ጥላ አይኑር» ከማለት «ሁለት ሙሉ ቀለም ብቻ፣ ነጭ ወረቀት ላይ የተቆረጠ ጥቁር ወረቀት ይምሰል» ማለት።

ክልከላ ለብቻው የሚጻፍበት ቦታ ያላቸው መሣሪያዎች አሉ። በስቴብል ዲፊዩዥን ኔጌቲቭ ፕሮምፕት የሚባል ሳጥን አለ። በሚድጆርኒ ደግሞ ከፕሮምፕቱ መጨረሻ እንዲህ ይጨመራል፦

```
--ar 1:1 --style raw --stylize 50 --no text, shading, mockup
```

እዚህ ላይ ከ`--no` በኋላ ያሉት ክልከላዎቹ ናቸው። `--stylize` መሣሪያው ከራሱ የሚያክለውን ማስዋብ የሚወስን ሲሆን ከ0 እስከ 1000 ይሄዳል፤ ካልነኩት 100 ላይ ይቆማል። ለጠፍጣፋ ምልክት ዝቅ ማድረጉ ይጠቅማል። ከፍ ሲያደርጉት ምስሉ ያምራል፣ እርስዎ ያላዘዙት ጌጥ ግን የሸክላውን ሆድ ይሞላዋል።

ሦስት መስመር ብዬ አዝዤ ለምን አራት ይመጣል?

ምክንያቱም አይቆጥርም። በአብዛኞቹ መሣሪያዎች ምስሉ የሚጀምረው ከዝብርቅርቅ ነጠብጣብ ነው፤ ዝብርቅርቁ በየደረጃው እየጠራ ሁሉም ቦታ አንድ ላይ ቅርጽ ይይዛል። እኛ ስንሥል አንድ መስመር ጨርሰን «ሁለት ቀሩ» እንላለን፤ እዚያ ግን አንደኛ፣ ሁለተኛ የሚባል የለም። «ሦስት» የሚለው ቃል «ጥቂት መስመሮች» ወደሚል ስሜት ያደላል፣ ከዚያ በላይ ዋስትና አይሰጥም። አንድ፣ ሁለትና ሦስት ብዙ ጊዜ ይሳካል። ከአምስት በላይ ሲሆን፣ ለምሳሌ ሰባት ጨረር ያላት ፀሐይ ሲያዝዙ፣ በዕድል የሚገኝ ነው።

መጠንና ልኬትም እንደዚሁ ነው። «ሁለተኛው መስመር የመጀመሪያው ሁለት ሦስተኛ ይሁን» ማለት ለኤአዩ ትርጉም የለውም። የቀኝና የግራ እኩልነትም ለዓይን እንጂ ለማስመሪያ አይሆንም። ለማረጋገጥ ምስሉን በማንኛውም የፎቶ ማስተካከያ ከመሃል ለሁለት ይቁረጡት፣ ግማሹን ገልብጠው በሌላኛው ላይ ያኑሩት። ከእጀታውና ከመቅጃው ውጭ ጠርዙ ላይ የሚታየው ትርፍ የስህተቱ መጠን ነው። ስለዚህ ቁጥርና ልኬት ላይ ለሰዓታት ፕሮምፕት መቀያየር ጊዜ ማባከን ነው። ጀበናው ከተሳካ አራተኛውን መስመር በእጅ ማጥፋት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

የድርጅቴን ስም በፊደል ሊጽፍልኝ ይችላል?

በላቲን ፊደል የሚጻፍ አጭር ስም አዳዲሶቹ መሣሪያዎች በደንብ ይጽፋሉ። በእኛ ፊደል ግን እንዲጽፉ አያዝዟቸው። መሠረታዊዎቹ 33 ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው 231 ይሆናሉ፤ አንዱን ቤት ከሌላው የሚለየውም ብዙ ጊዜ አንዲት ትንሽ ጭረት ናት። «ቡ»ን ያጉሉትና ይዩት፦ ጭረቷ በቀኝ እግሩ ወገብ ላይ ናት። ያቺው ጭረት ወደ እግሩ ጫፍ ብትወርድ «ቢ» ይሆናል፣ «ቡና»ም «ቢና» ሆኖ ይነበባል። ኤአዩ የሚሥለው የፊደልን መልክ እንጂ ፊደሉን ስላልሆነ ጭረቷን ወገብና ጫፍ መካከል ያስቀምጣታል፤ የወጣው ቡም ቢም አይደለም። ከሩቅ አማርኛ ይመስላል፣ ቀርቦ ለሚያነብ ደንበኛ ግን ድርጅቱ ስሙን መጻፍ ያቃተው ያህል ነው።

ትክክለኛው መንገድ ምልክቱን ያለጽሑፍ ማውጣትና ስሙን በኋላ በፎንት መጻፍ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ለንግድ ሥራም በነፃ የሚፈቀዱ ፎንቶች ናቸው። ከጻፉ በኋላ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ይለውጡት፤ ኢንክስኬፕ በሚባለው ነፃ የሥዕል ፕሮግራም `Path > Object to Path` ይባላል። ይህን ካልሠሩ ፎንቱ የሌለው ማተሚያ ቤት ፋይሉን ሲከፍት ኮምፒውተሩ በሌላ ፎንት ይተካዋል፣ ወይም ባዶ ሳጥኖች ይደረድራል።

የቀለሜን ኮድ ብሰጠው ትክክለኛውን ቀለም ያወጣል?

ይቀርበዋል እንጂ አያገኘውም። `#5A2E1A` ብለው ቢጽፉ አንዳንዱ መሣሪያ «ጥቁር ቡናማ» ብሎ ይረዳዋል፣ አንዳንዱም የኮዱን ፊደላት ምስሉ ላይ ይጽፋቸዋል። ከወጣ በኋላ በቀለም መልቀሚያ የጀበናውን ሆድ አምስት ቦታ ይንኩ፤ አምስት የተለያዩ ኮዶች ሊያገኙ ይችላሉ። ለዓይን አንድ ወጥ የመሰለው ብዙ ተቀራራቢ ቡናማዎች ናቸው፣ ምክንያቱም ኤአዩ «ይህን ቅርጽ በዚህ ቀለም ሙላ» የሚል ሥራ አይሠራም፤ እያንዳንዱን ነጥብ ይገምታል።

ስለዚህ በፕሮምፕቱ ተራ የቀለም ስም ይጠቀሙ፤ እንዲያውም ጥቁር በነጭ ማሠራት ይሻላል። እውነተኛው ቀለም የሚገባው ቅርጹ ቬክተር፣ ማለትም በነጥብና በመስመር ስሌት የተሠራና ሲለጠጥ የማይደበዝዝ፣ ከሆነ በኋላ ነው። ለኅትመት ሲሆን ደግሞ የስክሪን ቀለምና የማተሚያ ቀለም ስለሚለያዩ ከማተሚያ ቤቱ ጋር በታተመ ናሙና ላይ ተስማምተው ይወስኑ።

«ቬክተር» ብዬ ጽፌ ያወጣልኝ ምስል ሲጎላ ለምን ይደበዝዛል?

ቬክተር የሚለው ቃል በፕሮምፕት ውስጥ የአሣሣል ስልት ስም ብቻ ነው፤ ቬክተር የሚመስል ፎቶ ያገኛሉ እንጂ የቬክተር ፋይል አይደለም። የወጣው ምስል 1024 በ1024 ፒክስል ከሆነ፣ በኢንች 300 ነጥብ በሚጠይቅ ኅትመት ስፋቱ 8.7 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ለከረጢት ይበቃል። ያንኑ ምስል በር ላይ ሦስት ሜትር ስፋት ላለው ታፔላ ከለጠጡት ግን እያንዳንዱ ፒክስል 3 ሚሊሜትር የሚያህል ካሬ ይሆናል፤ የጀበናው ጠርዝም መሰላል ይሠራል።

እውነተኛ የቬክተር ፋይል፣ ኤስቪጂ የሚባለውን፣ የሚያወጡ መሣሪያዎችም አሉ፤ ሪክራፍት አንዱ ነው፣ በአዶቢ ኢለስትሬተር ውስጥም ከጽሑፍ ቬክተር የሚያወጣ አማራጭ ተካትቷል። እነዚህ በመለጠጥ አይበላሹም። ሆኖም ቬክተር መሆን ልከኛ መሆን ማለት አይደለም። ፋይሉን ከፍተው የጀበናውን ሆድ ነጥቦች ይቁጠሩ። በደንብ የተሠራ ክብ አራት ነጥብ ይበቃዋል፤ እዚያ ሃያና ሠላሳ ካገኙ ክቡ እዚህ ጋ ጎርበጥ፣ እዚያ ጋ ደልደል ያለ ነው። በከረጢቱ ላይ አይታይ ይሆናል፣ በታፔላው ላይ ግን ይታያል።

ጥሩ ምስል አገኘሁ። ወደ ትክክለኛ ምልክት የምለውጠው እንዴት ነው?

ብዙ ሰው የሚሮጠው ምስሉን በራሱ ወደ ቬክተር ወደሚገለብጠው ራስ-ሰር ትሬስ ነው፤ በኢንክስኬፕ `Path > Trace Bitmap`። በእጅ የተጻፈ ለሚመስል ሻካራ ቅርጽ ጥሩ ነው። ለጀበናችን ግን የምስሉን ስህተት ሁሉ በታማኝነት ይገለብጣል፦ የተንጋደደውን አንገት፣ የደበዘዘውን ጠርዝ፣ ጥንድ ያልሆነውን ኩርባ። ምስሉን ከሥር አንጥፎ በላዩ አዲስ መሣል ይበልጣል፤ እንዲህ ላለ ቀላል ቅርጽ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

በኢንክስኬፕ 64 በ64 ፒክስል የሆነ ሸራ ይክፈቱ። የኤአዩን ምስል ያስገቡ፣ ድምቀቱን ወደ 40 በመቶ ዝቅ ያድርጉና ምስሉ ያለበትን ንጣፍ፣ ሌየሩን፣ ይቆልፉት። በአዲስ ሌየር ለሆዱ ፍጹም ክብ፣ ለአንገቱ ቀጭን አራት ማዕዘን፣ ለእጀታው ከትልቅ ክብ ትንሽ ክብ ተቆርጦ የቀረ ቀለበት ይሥሩ። ማጋጠሚያው `Path > Union`፣ መቁረጫው `Path > Difference` ነው። መቅጃውን ብቻ በብዕር መሣሪያው በአራት ወይም በአምስት ነጥብ ይሥሉታል። ሦስቱን መስመሮች አንዱን ሠርተው ያባዙት፤ ቁመታቸውን 18፣ 12 እና 6 ያድርጉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ አሁን በልኬት ተቀመጡ፤ ይህን የትኛውም ፕሮምፕት ሊሰጥዎ አይችልም ነበር።

ሸራው 64 የሆነበት ምክንያት አለው። የድረ ገጽ ትር ላይ የምትታየው ትንሿ ምልክት 16 ፒክስል ናት፤ ስለዚህ በሸራዎ ላይ 4 ፒክስል እዚያ አንድ ፒክስል ይሆናል። ከ4 የሚቀጥን መስመርም ሆነ ከ4 የሚጠብ ክፍተት ካለ በትንሹ መጠን ይጠፋል ወይም ይደፈናል። በምሳሌያችን ብዙ ጊዜ የሚደፈነው በእጀታውና በአንገቱ መካከል ያለው ቀዳዳ ነው። በማኅተም ላይም ቀለም የሚሞላው እዚያው ነው። እሱን ማስፋት ማለት እጀታውን ትንሽ ወደ ውጭ ማውጣት ነው፤ ከዚያ በኋላ ጥቁር በነጭ፣ ነጭ በጥቁር አድርገው በ16 ፒክስል ይዩት።

እጀታውን ብቻ ቀይርልኝ ስለው ለምን ሁሉንም ይቀይረዋል?

አብዛኞቹ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ምስሉን ከዜሮ ስለሚሠሩት ነው። በሚድጆርኒ `--seed` ብለው የቀድሞውን ምስል መነሻ ቁጥር መስጠት መነሻውን ነጠብጣብ አንድ ያደርገዋል፤ ይሁንና ፕሮምፕቱ ላይ አንድ ቃል ሲለወጥ መንገዱም ይለወጣልና የአንገቱ ውፍረት አብሮ ሊንቀሳቀስ ይችላል። የሚፈለገውን ቦታ ብቻ ቀብቶ እንዲሠራ ማድረግ ይሻላል፣ እዚያም አዲሱ እጀታ ከአሮጌው ሆድ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ስንጥቅ ወይም እብጠት ይፈልጉ።

ለብራንድ ትልቁ ችግር ይህ ነው። ድርጅቱ ምልክቱን ከስም ጋር ጎን ለጎን፣ ከስም በላይ፣ በነጭ፣ በጥቁር፣ ለብቻውም ይፈልገዋል፤ በሁሉም ላይ ያው ጀበና መሆን አለበት። ኤአዩን አምስት ዝርያ ቢያዝዙት አምስት ወንድማማች ጀበናዎች ይሰጥዎታል። ስለዚህ እጀታውን ለመለወጥ ሦስተኛ ሙከራ ላይ ከደረሱ ፕሮምፕቱን ይዝጉትና ወደ ኢንክስኬፕ ይሂዱ።

በኤአይ የወጣ ምልክት በስሜ ማስመዝገብ እችላለሁ? ለሌላ ሰውስ ተመሳሳዩ ሊወጣ ይችላል?

ሁለት የተለያዩ መብቶች እዚህ ይደባለቃሉ። የቅጂ መብት የሥዕሉ ደራሲ መብት ነው። በአሜሪካ የሚሠሩ ድርጅቶች ይህን ማወቅ አለባቸው፦ የአገሪቱ የቅጂ መብት ቢሮ በጃንዋሪ 2025 ባወጣው ሪፖርት፣ ፕሮምፕት መጻፍ ብቻውን ሰውን የምስሉ ደራሲ እንደማያደርገው አስታውቋል። በዚያው ዓመት በማርች የዋሽንግተን ዲሲ የይግባኝ ፍርድ ቤትም የሥራው ደራሲ ሰው መሆን እንዳለበት ወስኗል። ሰው ራሱ የሣለው፣ የመረጠውና ያቀናበረው ክፍል ግን ሊጠበቅ ይችላል። በላዩ እንደገና መሣል የሚጠቅመው ለልኬት ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ወረቀት ላይ የሣሉትን ንድፍና የኢንክስኬፑን ፋይል ከነቀናቸው ያስቀምጡ።

የንግድ ምልክት ግን ሌላ ነው። የሚጠይቀው ማን ሣለው የሚለውን ሳይሆን የእርስዎን ዕቃ ከሌላው ዕቃ ይለያል ወይ የሚለውን ነው። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይመዘገባል፤ ምዝገባው ለ7 ዓመት ጸንቶ ይታደሳል። ቀድሞ ከተመዘገበ ምልክት ጋር ተመሳስሎ ሸማቹን የሚያደናግር ከሆነ ተቀባይነት አያገኝም፣ እዚህ ላይ ነው ኤአይ የሚያሰጋው። ሥራው አማካዩን መፈለግ ስለሆነ «የቡና ፍሬ በክብ ውስጥ» ብሎ ያዘዘ ሁሉ የሚያገኘው ተቀራራቢ ነው። የታወቀ ድርጅት ስም ጠቅሶ «የእሱን ይምሰል» ማለትማ ከነጭራሹ መደረግ የለበትም፤ የሚወጣው ለዚያ ምልክት እጅግ የቀረበ ሊሆን ይችላል።

ከማመልከትዎ በፊት የተጠናቀቀውን ምልክት በጎግል የምስል ፍለጋ ይፈትሹት፣ በገበያ ላይ ያሉ የቡና ከረጢቶችንም አሰልፈው ይዩ። ጀበና በብዙዎቹ ላይ አለ። የእርስዎ ጀበና ነው ያሰኘው ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻሉ መዝጋቢውም አይታየውም። በምሳሌያችን መልሱ አለ፦ በ18፣ በ12 እና በ6 የሚያጥሩት ሦስት መስመሮች። ማመልከቻው ላይ በሚገባው የምልክቱ መግለጫም ይህንኑ ይጻፉ፣ የሚያያይዙት ምስልም ከኤአዩ የወጣው ሳይሆን እርስዎ የሣሉት ይሁን።